የረቡዑን ወንበር መልቀቅ፦ ማመልከቻን ስለማንሳት አንድ የጅማ ጉዳይ

ልጅቷ የሒሳብ ምሩቅ ናት። ጅማ ተወልዳ፣ ጅማ ተምራ፣ ሥራ የምትፈልገውም እዚያው ነው። በ2017 ኅዳር ውስጥ ሁለት ቦታ አመለከተች። አንደኛው እሸት ቡና እየገዛ የሚያዘጋጅ የግል ድርጅት ነው። ሁለተኛው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቢሮ ያለው የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ነው። የሁለቱንም ስም ትቻለሁ፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም።

እኔ ጉዳዩን የማውቀው በጉርብትና ነው። ጅማ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ቆይቻለሁ፤ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጫለሁ። ስለዚህ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ደብዳቤ እይልኝ» ብሎ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። ብዙዎቹ የሚያመጡት የማመልከቻ ደብዳቤ ነው። ማመልከቻን ለማንሳት ብሎ የመጣ ግን ከሷ በፊት አላጋጠመኝም። ሰዉ እንዲህ ሲሆን ዝም ብሎ ይቀራል፤ ስልክም አያነሳም። በቃ።

ነገሩ የተደራረበው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ 3 የቡናው ድርጅት ደወለ። «አልፈሻል፣ ሥራው ያንቺ ነው፣ ዋስ ይዘሽ ነይ» አላት። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ግብረ ሰናዩ በኢሜይል ጠራት። የጽሑፍ ፈተናውን ካለፉት ሦስት ሰዎች አንዷ ነበረች። ቃለ መጠይቁ ረቡዕ ታኅሣሥ 9 ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባም ጠያቂ ይመጣል። መምጣትሽን በመልስ አሳውቂን ይላል ኢሜይሉ።

ዓርብ ማታ የመጣችው ይህንን ይዛ ነው። «የቡናውን ተቀብያለሁ ብዬ አሁኑኑ ልጻፍላቸው?»

አይሆንም አልኳት።

ምክንያቱ ዋሱ ነው። እሸት ቡና የሚገዛ ድርጅት በመኸር ወቅት በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ለሰብሳቢዎች ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛ ያለ ዋስ አይቀጥርም። ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት። የሚሠራበት መሥሪያ ቤትም የደመወዙን መጠን ገልጾ፣ ሌላ ሰው አለመዋሱን አረጋግጦ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። የሷ ዋስ አጎቷ ናቸው፤ መምህር ናቸው። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ዓርብ አልደረሰም፤ ለሰኞ ተባለ። ዋሱ ባይሟላ «አልፈሻል» የሚለው ስልክ ብቻውን የትም አያደርሳትም። ዋስ አጥቶ የቀረ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

እና ዓርብ ማታ ላይ እሷ ገና አመልካች ናት። ለግብረ ሰናዩ «እገኛለሁ» ብላ መመለሷ ውሸት አልነበረም። ሰኞ ዋሱ ባይሳካ ኖሮ ረቡዕ ጠዋት እዚያ በር ላይ ትገኝ ነበር። አንዳንድ ሰው «ሌላ ቦታም ጥሪ አለኝ ብላ ብትነግራቸውስ?» ይላል። እኔ አልመክርም። ያልተፈረመ ነገር ለሌላ ቀጣሪ ሲነገር የደመወዝ መደራደሪያ ይመስላል፤ እሷ ደግሞ ልትደራደር አልፈለገችም።

ሰኞ ረፋድ ላይ የአጎቷ ደብዳቤ ደረሰ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈረመች። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱን ቅጂ ይዛ ወጣች። ማመልከቻዋን ለማንሳት ትክክለኛው ሰዓት ይሄ ነው። ረቡዕ ጠዋት እስኪደርስ ሌላው ቢሮ ተጠባባቂ ለመጥራት አንድ ቀን ተኩል ያህል ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ወንድሟ ጣልቃ ገባ። ቤተሰቡ ውስጥ ነገር አዋቂ የሚባለው እሱ ነው። የሱ ሐሳብ ቃለ መጠይቁም ይቅርባት የሚል አልነበረም። «ሙከራ ላይ ናት፤ ቢያባርሯትስ? ትሂድና ትፈተን፤ ካለፈች ያኔ ትወስናለች» ነው ያለው።

ሐሳቡ ከሕግ አንጻር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ሙከራውን ከጨረሰ በኋላ ነው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚጠበቅበት። ስለዚህ ፈርማ ረቡዕ ብትፈተን፣ ብታልፍና የቡናውን ብትተወው የሚከሳት የለም።

ግን ከኮሚቴው ወገን ሆናችሁ እዩት። ለአንድ ቦታ ሦስት ሰው ተጠርቷል። አራተኛና አምስተኛ የወጡት ተጠባባቂ ተብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጠያቂ ለዚህ ብሎ ትኬት ቆርጧል። ውል የፈረመ ሰው ከሦስቱ ወንበር አንዱን ሲይዝ፣ ሥራውን በእውነት የሚፈልግ ሰው ውጭ ይቀራል። ተፈትናም አንደኛ ብትወጣና «አይ፣ ትቻለሁ» ብትል ኮሚቴው እንደገና መሰብሰብ አለበት። ለእሷም ቢሆን ውል በፈረመች በሦስተኛው ቀን «አሞኛል» ብላ መቅረት ነው ዋጋው። አባቷ ይህን ሲሰሙ ወንድሟን ዝም አሰኙት። እኔ የጨመርኩት ብዙም የለም።

ከዚያ ወደ መልእክቱ ገባን። የመጀመሪያ ረቂቋን ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ሙሉውን እነሆ፦

«ሰላምና ጤና ለእናንተ ይሁን እያልኩ በቅድሚያ ለሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ለጊዜው በቃለ መጠይቁ ላይ ለመገኘት የምቸገር ስለሆነ ከታላቅ ይቅርታ ጋር እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። ወደፊትም እንደማትረሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ።»

ሲያነቡት ጨዋ ነው። ችግሩ፣ ማመልከቻዋን ማንሳቷን አንድም ቦታ አይናገርም።

እስቲ እንደ ተቀባዩ ሆነን እናንብበው። «ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን የሰው ኃይል ባለሙያዋ ስታነብ የሚመጣላት ሕመም ወይም ሐዘን ነው። «ለጊዜው» የሚለው ደግሞ ነገሩ እንደሚያልፍ ይነግራታል። «እንድትረዱኝ» የሚለው ልመና ነው፤ የሚለመነውም ቀን እንዲለወጥ ይመስላል። ደግ ባለሙያ ከሆነች ወዲያው ስልክ ታነሳለች፦ «አይዞሽ፣ ሐሙስ ይሻልሻል?» ትላለች። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ አንድ ቀን እንዲያድር ልትጠይቅም ትችላለች። ልጅቷ ያኔ ወይ እውነቱን በስልክ መናገር አለባት፣ ወይ አንድ ውሸት መጨመር። ጨዋ ለመሆን የተጻፈው ሁሉ ሰው ሲያስቸግር ታዩታላችሁ።

ይህ አጻጻፍ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ ዘንድ «አልፈልግም» ማለት ነውር ነው። ሰው ቡና ሲጠራን እንኳ «አልመጣም» አንልም፤ «እስቲ እሞክራለሁ» እንላለን፤ ጠሪውም ገብቶት ስኒውን ይቀንሳል። ቢሮ ውስጥ ግን እንዲህ ገብቶት የሚቀንስ የለም። ፋይል ነው ያለው። ፋይሉ ላይ ወይ «ራሷን አግልላለች» ተብሎ ይጻፋል፣ ወይ «አልተገኘችም» ይባላል። የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ስታመለክት ያው ፋይል ይወጣል።

ሁለተኛውን ረቂቅ የጻፈላት ጓደኛዋ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። የቡናውን ድርጅት ስም ጠቀሰ። «በተሻለ ደመወዝ እና የተሻለ ጥቅማ ጥቅም» አለ። ደመወዙን በብር አስቀመጠ።

ይህኛው ግልጽ ነው፤ ግን ማንም ያልጠየቀውን ይዘረግፋል። ጅማ እንደምታውቋት ናት። የአንዱ ቢሮ የሰው ኃይል ባለሙያ ከሌላው ቢሮ ሒሳብ ሹም ጋር በአንድ ዕድር ነው ያለችው። የአዲሱ ቀጣሪሽ ደመወዝ ሰኞ ከተጻፈ ሐሙስ መርካቶ ይሰማል። «የተሻለ» የሚለው ቃል ደግሞ ለአንባቢው «የእናንተ ያነሰ ነው» ይላል፤ እነሱ ገና ደመወዝ እንኳ አልነገሯትም። ሌላም አለ። ደመወዙን ስትጽፊ በር ትከፍቻለሽ። አንዳንድ ቢሮ «እኛም እኮ እንነጋገራለን» ብሎ ይደውላል። መደራደር የማይፈልግ ሰው መደራደሪያውን ጠረጴዛ ላይ ባያስቀምጥ ይሻለዋል።

ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አድርገን አንድ ጥያቄ ጠየቅን። ይቺ መልእክት ስትደርስ ባለሙያዋ ምን ትሠራባታለች? ታትማ ከማመልከቻው ጋር ትያያዛለች። ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ መስመር ትሆናለች። ከዚያ ተጠባባቂው ይደወልለታል። ለነዚህ ሦስት ነገሮች የሚያስፈልገው ብቻ ይግባ፣ የማያስፈልገው ይውጣ አልን።

ለማያያዝ ማን እንደሆነች መታወቅ አለበት። ስም እስከ አያት ይጻፋል፤ በስምና በአባት ስም ብቻ የሚመሳሰሉ አመልካቾች በየማስታወቂያው አይጠፉም። የሥራ መደቡና የማስታወቂያው ቁጥር ይጨመራል፤ ያ ቢሮ በዚያን ሰሞን ሹፌርም ጸሐፊም እየቀጠረ ነበር። ስልኩም ማመልከቻው ላይ ያለው መሆን አለበት። እሷ መጀመሪያ በቴሌግራም ልትልክ አስባ ነበር። የቴሌግራም ስሟ ግን የአበባ ምልክትና የቅጽል ስም ነው። የላከው ማን እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያዋ ጠንቋይ መሆን አለባት።

ለቃለ ጉባኤው አንድ የማያሻማ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አንስቻለሁ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ። ምክንያቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሌላ ሥራ ተቀብዬ ፈርሜያለሁ። «ፈርሜያለሁ» የሚለው እንዲገባ የፈለግኩት እኔ ነኝ። «ሌላ ዕድል አግኝቻለሁ» ብቻ ቢባል ነገሩ ገና ክፍት ይመስላል። የተፈረመ ነገር ላይ የሚከራከር ጥቂት ነው።

ተጠባባቂውን ለመጥራት የረቡዑ ቀጠሮ በስሙ መጠራት አለበት። ቀንና ሰዓት። ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠሩ «ረቡዕ» የሚለው ቀኑን ከስህተት ይጠብቀዋል። ሰዓቱም «ጠዋት 3 ሰዓት» ይባላል፤ «3:00» ብቻ ተብሎ ከሰዓት በኋላ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

ምስጋና አንድ ይበቃል፤ ግን የሆነ ነገር ይጠቀስበት። ትዝ የሚላት ነገር ካለ ጠየቅኳት። የጽሑፍ ፈተናው ቀን ባለሙያዋ የፕሮጀክቱን ሥራ ቁጭ ብላ ለተፈታኞቹ አስረድታ ነበር። እሱ ገባ። ይቅርታ አልገባም። ውል ሳይኖር፣ ቃል ሳይሰጥ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ አስቀድሞ ለሚያሳውቅ ሰው ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልታየኝም። አባቷ በዚህ አልተስማሙም፤ «አንድ ይቅርታ ምን ይጎዳል?» አሉ። እውነት ነው፣ አንድ አይጎዳም። «ወደፊት አትርሱኝ» የሚለው ግን ወጣ። ወንበር እየለቀቁ በዚያው አፍ ወንበር መለመን ይሆናል።

የተላከው ይህ ነው። በስሟና በቁጥሮቹ ቦታ ነጥብ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ርዕስ፦ ማመልከቻን ስለማንሳት፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የማስታወቂያ ቁጥር …

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፦

ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ያቀረብኩትን ማመልከቻ ከዛሬ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማንሳቴን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሌላ ሥራ ተቀብዬ ውል ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ታኅሣሥ 9 ጠዋት 3 ሰዓት ለተያዘልኝ ቃለ መጠይቅ አልገኝም።

በጽሑፍ ፈተናው ቀን ሥራውን ጊዜ ወስዳችሁ ስላስረዳችሁን አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር
… (ስም እስከ አያት)
ስልክ …»

በአማርኛ የተጻፈው ጥሪው በአማርኛ ስለመጣ ነው። ጅማ ላይ ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞ ወይም በእንግሊዝኛ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ በተጠራችሁበት ቋንቋ መመለስ ነው።

ሰኞ 10 ሰዓት ገደማ ተላከ። እዚህ ጋ ነው ያልጠበቅነው የመጣው። ማክሰኞ ጠዋት መልስ የለም። 3 ሰዓት ሆነ፣ 4 ሰዓት ሆነ፣ የለም። ይባስ ብሎ ከቢሮው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማስታወሻ መጣላት፦ ነገ 3 ሰዓት ላይ ኦሪጅናል ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ።

ማስታወሻው መምጣቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ኢሜይሉን ያየው ሰው የለም ማለት ነው። ስልኳን ተቀብዬ ስመለከት ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ኢሜይሉን የላከችው ማስታወቂያው ላይ ወደነበረው አድራሻ ነው። ያ አድራሻ ማመልከቻ መሰብሰቢያ ነው፤ ማስታወቂያው ከተዘጋ በኋላ የሚከፍተው የለም። ለቃለ መጠይቅ የጠራት ኢሜይል ግን የመጣው ከባለሙያዋ ከራሷ አድራሻ ነበር። ለሱ «መልስ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ሰኞውኑ ይታይ ነበር። ዓርብ ዕለት «እገኛለሁ» ያለችውም በዚያው ክር ላይ ነው፤ ሁለቱ መልስ አንድ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ወዲያው ያንኑ ጽሑፍ በጥሪው ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋ ላከች። ከዚያ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ታከለ። እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ባዶ ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከዚያ ሲያልፍ 67 እየሆነ ይቆራረጣል። አንዳንድ ስልክ ላይ ቁርጥራጮቹ ተዘበራርቀው ይደርሳሉ። ሰላምታው መጀመሪያ ደርሶ «አልገኝም» የሚለው ዘግይቶ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከፊት አድርጋ ጻፈች፦

«ለነገው ቃለ መጠይቅ አልመጣም፣ ሌላ ሥራ ፈርሜያለሁ። ዝርዝሩ ኢሜይል ላይ ነው።»

ቀጥሎ ስሟን። ስሙ ረዝሞ ቢቆራረጥና የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ቢደርስ እንኳ ነገሩ ይገባል።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። ባለሙያዋ ናት። ልጅቷ ድንጋጤዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ንግግሩን አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው? ደመወዙ ነው እንዴ? እሱ እኮ ገና አልተወራም።»

«አይ እትዬ፣ ደመወዝ አይደለም። ትናንት ውል ፈርሜያለሁ። ቦታው ለሌላ ሰው እንዲሆን ብዬ ነው ቶሎ የነገርኳችሁ።»

«የት ነው የገባሽው?»

ለዚህ ጥያቄ ቀድመን አልተዘጋጀንም ነበር። እሷ ግን «ገና ሥራ አልጀመርኩም እትዬ፤ ስጀምር እነግርዎታለሁ» አለች። ሴትዮዋ ሳቁ። ይህን መልስ እኔ ብሆን አላገኘውም።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ያሉት ነገር ነው ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ። «ጥሩ አደረግሽ። አራተኛው አጋሮ ነው ያለው፤ አሁን ከደወልኩለት ይደርሳል። ማታ ብትነግሪኝ ኖሮ አልደውልለትም ነበር» አሉ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማክሰኞ ረፋድ የተጠራ ሰው ማስረጃውን አሰባስቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ረቡዕ በማለዳው መኪና ይደርሳል። ማክሰኞ ማታ የተጠራ ግን የሚደርሰው በዕድል ነው። ሰኞ 10 ሰዓት የተላከው ኢሜይል ትክክለኛ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቢሆን ደግሞ ሰውየው ግማሽ ቀን ተጨማሪ ያገኝ ነበር።

በኢሜይል የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው። መልእክትሽ ደርሶናል፣ ከማመልከቻሽ ጋር ተያይዟል፤ በአዲሱ ሥራሽ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን ይላል። ያንን መልስ አስቀምጪው አልኳት። «ራሷን አግልላለች» ለመባሏ የጽሑፍ ማስረጃዋ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የጽሑፍ ፈተናው ቀን የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ኦሪጅናል እዚያ ትታ ነበር፤ ቅጂ አልያዘችም ነበርና። በማንሻ መልእክቱ ላይ ላካትተው ብላ ጠይቃኝ አይሆንም ብያት ነበር። አንድ መልእክት አንድ ሥራ ቢሠራ ይሻላል፤ «ማስረጃዬን መልሱልኝ» የሚል መስመር ሲጨመርበት ደግሞ የተጣላ ሰው ደብዳቤ ይመስላል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢሮው ክፍት ስለነበር ከሥራ ስትወጣ ሄዳ መዝገብ ላይ ፈርማ ወሰደችው። አጋሮ የነበረው ልጅ ረቡዕ መድረሱን የሰማችውም ያኔ ነው። ማን እንዳለፈ ገና አልተለጠፈም ነበር።